በሁለት ገጽ ቦርድ ላይ የዲካፕሊንግ ካፓሲተር አቀማመጥና የግራውንድ መመለሻ መንገድ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮምቦልቻና ከደሴ ተማሪዎችና ጠጋኞች የሚመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ቦርድ ላይ ያተኩራሉ። ቦርዱ በቆቦና በጊራና ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ፓምፕን በስልክ መልእክት የሚያስነሳና የሚያጠፋ፣ የታንከር ውሃ ከፍታንም የሚያነብ ነው። ስለዚህ መልሶቹን በዚሁ ላይ እንመሠርታለን፦ ባለ 32 እግር ATmega328P ማይክሮኮንትሮለር በ5 ቮልትና በ16 ሜጋኸርዝ፣ አንድ SIM800L የስልክ ሞደም፣ ኮንታክተር የሚያስነሳ ባለ 12 ቮልት ሪሌይ፣ ከ0 እስከ 5 ቮልት የሚሰጥ የከፍታ ሴንሰር። ቦርዱ 1.6 ሚሊሜትር ውፍረት፣ መዳቡ 35 ማይክሮሜትር ነው።

ካፓሲተሩን ከቺፑ ስንት ሚሊሜትር ላርቀው እችላለሁ?

ዲካፕሊንግ ካፓሲተር ቺፑ በድንገት የሚፈልገውን ጅረት ከአጠገቡ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ከካፓሲተሩ ተነስቶ ወደ VCC እግር፣ ከGND እግር ተነስቶ ተመልሶ ወደ ካፓሲተሩ የሚሄደውን ጠቅላላ ቀለበት ለኩ። በአንድ በኩል 2 ሚሊሜትር አስጠግቶ የግራውንዱን ጫፍ ዞሮ እንዲመጣ የሚያደርግ ሰው ካፓሲተሩን አስጠጋሁ ማለት አይችልም። ለዚህ ቺፕ እያንዳንዱ ጎን ከ3 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ 5 ሚሊሜትርም ያስኬዳል። 20 ሚሊሜትር ግን አያስኬድም። ምክንያቱን በቁጥር እንየው።

ከሥሩ የግራውንድ ንጣፍ ያለው፣ ግማሽ ሚሊሜትር ስፋት ያለው መስመር በእንዲህ ዓይነት ቦርድ ላይ በሚሊሜትር 0.64 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ ይኖረዋል። ካፓሲተሩ ራሱ ከነብየዳው 1 ናኖሄንሪ ያህል አለው። በ3 ሚሊሜትር ርቀት ድምሩ 3 ናኖሄንሪ ሲሆን በ20 ሚሊሜትር ርቀት 14 ይደርሳል። አሁን ቺፑ በርካታ መውጫ እግሮቹን በአንድ ጊዜ ሲቀይር በ5 ናኖሰከንድ ውስጥ 50 ሚሊአምፒር ይስባል እንበል።

```
V = L × ΔI / Δt
3 nH  × 0.05 A / 5 ns = 0.03 V
14 nH × 0.05 A / 5 ns = 0.14 V
```

በመጀመሪያው ሁኔታ ቺፑ ምንም አይሰማውም። በሁለተኛው ደግሞ የቺፑ የኃይል እግር በየቅያሪው 140 ሚሊቮልት ይንቀጠቀጣል፤ ንቅናቄው ወደ አናሎግ ንባቡና ወደ ክሪስታሉ ይገባል። ከሥር ግራውንድ ከሌለ ደግሞ የሚሊሜትሩ ዋጋ ከ1 ናኖሄንሪ ያልፋልና ስሌቱ የባሰ ይሆናል።

መስመሩን አሰፋለሁ እንጂ ካፓሲተሩን ካለበት አላንቀሳቅስም፤ ይረዳል?

ጥቂት ብቻ። ከግማሽ ሚሊሜትር ወደ 1 ሚሊሜትር ብታሰፉት 0.64 ወደ 0.5 ይወርዳል እንጂ እኩሌታ አይሆንም። ርዝመቱን በእኩሌታ ብትቀንሱት ግን ኢንዳክታንሱም በእኩሌታ ይቀንሳል። ስፋት ለዲሲ መቋቋም ይጠቅማል፣ እሱም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ከታች እንመጣበታለን።

ATmega328P ስንት ካፓሲተር ይፈልጋል? የትስ ይቀመጣሉ?

አራት የ100 ናኖፋራድና አንድ የ10 ማይክሮፋራድ። የእግሮቹ አደራደር ለሥራ ተስማሚ ነው፤ 3ኛው GND፣ 4ኛው VCC፣ 5ኛው GND፣ 6ኛው VCC ነው። ጥንዶቹ ጎን ለጎን ስለሆኑ ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ካፓሲተር ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ችግሩ እግሮቹ በ0.8 ሚሊሜትር የተራራቁ መሆናቸው ነው፤ 0603 መጠን ያላቸው ሁለት ካፓሲተሮች አንድ መስመር ላይ አይገቡም። የ5–6ቱን ልክ ፊት ለፊት አድርጉት፣ የ3–4ቱን ወደ 1ኛው እግር አቅጣጫ ገፋ አድርጉት። ተቃራኒውን አታድርጉ፤ 7ኛውና 8ኛው የክሪስታል እግሮች ስለሆኑ በዚያ በኩል ክሪስታሉ መቅረብ አለበት።

ሦስተኛው ለAVCC፣ ማለትም ለ18ኛው እግር ነው፤ ግራውንዱ 21ኛው እግር ላይ ያርፋል። አራተኛው ለAREF፣ ለ20ኛው እግር ነው። ይኼኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሲረሳ የአናሎግ ንባቡ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ደረጃዎች ሳያቋርጡ ይዘላሉ። AREF ላይ ካፓሲተር ብቻ ይቀመጣል፤ ፕሮግራሙ AVCCን መነሻ አድርጎ የሚያነብ ከሆነ 5 ቮልት በቀጥታ አታገናኙበት።

10 ማይክሮፋራዱ በ1 ወይም በ2 ሳንቲሜትር ክልል ውስጥ የትም ቢሆን ችግር የለውም። እሱ ዝግ ያለውን ፍላጎት ነው የሚሸፍነው፤ ለዚያ ሥራ ጥቂት ናኖሄንሪ ለውጥ አያመጣም።

100 ናኖ፣ 10 ናኖ እና 1 ናኖ ሦስቱንም ብደረድር ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ለዚህ ቦርድ አይደለም። የካፓሲተሩን ኢንዳክታንስ የሚወስነው በዋናነት የአካሉ መጠንና የብየዳው ርዝመት ነው። አንድ መጠን ያላቸው 100 ናኖና 1 ናኖ ከሞላ ጎደል እኩል ኢንዳክታንስ አላቸውና በላይኛው ፍሪኩዌንሲ ትንሹ የተሻለ አይሠራም። እንዲያውም ሁለቱ እርስ በርሳቸው ተቃራኒ ሬዞናንስ ፈጥረው በመካከል ላይ የባሰ ቦታ ሊያመጡ ይችላሉ። ለገንዘባችሁ ሁለት 100 ናኖ ግዙ።

ርቀቱ ሬዞናንሱን ምን ያህል እንደሚያወርደው ማወቅ ለፈለገ፦ 100 ናኖፋራድ ከ1 ናኖሄንሪ ጋር እስከ 16 ሜጋኸርዝ ገደማ ካፓሲተር ሆኖ ይሠራል። ያንኑ 20 ሚሊሜትር አርቃችሁ 14 ናኖሄንሪ ስታደርጉት ከ4.3 ሜጋኸርዝ ጀምሮ እንደ ኢንዳክተር መሆን ይጀምራል። የገዛችሁት ያው ካፓሲተር ነው፤ ቦታው ብቻ ነው አቅሙን የወሰደው።

ግራውንድ ግራውንድ ነው፤ የት እንደተገናኘ ለምን ይገደኛል?

የሄደ ጅረት ሁሉ ወደ ተነሳበት ይመለሳልና የሚመለስበት መንገድ ልክ እንደ መሄጃው መስመር የንድፉ አካል ነው። ዲሲና ዝግ ያለ ጅረት ዝቅተኛ መቋቋም ያለበትን አቅጣጫ ይዞ በንጣፉ ላይ ይበተናል። ከመቶ ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ጅረት ግን ትንሹን ኢንዳክታንስ ስለሚመርጥ ከሲግናሉ መስመር ሥር ተጠግቶ ይመለሳል። መስመሩ ቢጠመዘዝ አብሮ ይጠመዘዛል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «የኔ ሲሪያል በ9600 ነው የሚሠራው፣ ቀርፋፋ ነው» ይላል። የቢቱ ፍጥነት ቀርፋፋ ነው፤ ከ0 ወደ 1 የሚነሳበት ጠርዝ ግን ጥቂት ናኖሰከንድ ብቻ ይፈጃል። የመመለሻውን ጅረት የሚወስነው ጠርዙ ነው። በሰዓት አንድ ጊዜ የሚቀየር መስመር እንኳ በተቀየረባት ቅጽበት ፈጣን ሲግናል ነው።

ታችኛውን ገጽ በሙሉ ግራውንድ አድርጌ አንድ መስመር ብቻ በዚያ ባሳልፍ ምን ይጎዳል?

በርዝመቱ ይወሰናል። ከላይ ሁለት መስመሮችን ለማለፍ 5 ወይም 8 ሚሊሜትር የምትሆን አጭር መሻገሪያ ብትገባ ጅረቱ ጎን ለጎን ዞሯት ያልፋል፣ ጉዳቷ ከቁጥር አይገባም። 40 ሚሊሜትር የሚሄድ የሪሌይ መስመር ከታች ከሆነ ግን ንጣፉን ለሁለት ከፍሎታል። ከላይ ያንን ስንጥቅ የሚያቋርጥ የሲሪያል ወይም የሴንሰር መስመር ካለ የመመለሻው ጅረት እስከ ስንጥቁ ጫፍ ሄዶ ዞሮ መምጣት አለበት። ቀድሞ ቀለበቱ 1.6 ሚሊሜትር የቦርድ ውፍረት ብቻ ነበር፤ አሁን ሁለት ሳንቲሜትር ወደ ጎን የወጣ ቀለበት ሆኗል። ይህ ቀለበት ከሪሌዩ የሚመጣውን ረብሻ እንደ አንቴና ይቀበላል።

መፍትሔው መስመር ከመሳብ በፊት ክፍሎቹን ማንቀሳቀስ ነው። ሪሌዩን የሚያዘው እግር በፕሮግራም ሊቀየር ስለሚችል፣ መስመሩ ሌላ መስመር የማያቋርጥ እግር ምረጡ። ቦርድ ላይ ከመጨነቅ በኮዱ አንድ ቁጥር መቀየር ይቀላል። በቦርድ መሳያው ፕሮግራም በኪካድ ላይ `B` ተጭናችሁ ንጣፉን ከሞላችሁ በኋላ ታችኛውን ገጽ ብቻ አሳዩና በዓይን መርምሩት። የሕግ ማረጋገጫው ንጣፉ መገናኘቱን እንጂ ምን ያህል ዞሮ እንደተገናኘ አይነግራችሁም። በቀጭን አንገት ብቻ የተያያዘ ትልቅ ንጣፍ ለፕሮግራሙ ፍጹም ትክክል ነው።

ሲግናል ከላይ ወደ ታች በቪያ፣ ማለትም ሁለቱን ገጾች በሚያገናኝ ቀዳዳ ከወረደ፣ አጠገቡ የግራውንድ ቪያ ይኑር፤ የመመለሻውም ጅረት ገጽ መቀየር አለበትና።

አናሎግና ዲጂታል ግራውንድን ልለያቸው?

አትለዩአቸው። በዚህ መጠን ባለ ቦርድ ላይ መለያየት ከሚጠቅመው ይልቅ የሚጎዳው ይበዛል፤ በስንጥቁ ላይ የሚያልፍ መስመር አይጠፋምና። አንድ ያልተቆረጠ ንጣፍ ይኑራችሁ፣ መለየቱን በክፍሎች አቀማመጥ አድርጉት፦ ኃይል በላው ሁሉ ወደ ኃይል መግቢያው፣ ሴንሰሩ ወደ ሌላኛው ጫፍ።

አንድ ቦታ ግን ንጣፉ የግድ መቆረጥ አለበት፤ በሪሌዩ የ220 ቮልት እግሮች ዙሪያ። እዚያ በሁለቱም ገጽ ላይ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ከማንኛውም ግራውንድ መዳብ ራቁ።

ደሴ ላይ ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ትክክል ነበር። ቆቦ ሲተከል የታንከሩ ከፍታ በየጊዜው በ8 ሳንቲሜትር እየወረደ ያነባል። ሴንሰሩ ተበላሽቶ ነው?

ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት የሞደሙ ጅረት በየት እንደሚመለስ ተከታተሉ። ይህ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ስለሚደጋገም በዝርዝር እንሂድበት።

SIM800L ሲያሰራጭ በየ4.6 ሚሊሰከንዱ ለ0.577 ሚሊሰከንድ ብቻ ኃይለኛ ጅረት ይስባል፤ ጅረቱ እስከ 2 አምፒር ይደርሳል። ምን ያህል እንደሚስብ የሚወስነው ከኔትወርክ ማማው ያለው ርቀት ነው። ከተማ ውስጥ ማማው ቅርብ ስለሆነ ኔትወርኩ ሞደሙን «ዝቅ አድርገህ ተናገር» ይለዋል። ገጠር፣ ሲግናል ደካማ በሆነበት የፓምፕ ቤት ውስጥ ደግሞ በሙሉ ኃይሉ ይናገራል። ጠረጴዛ ላይ ያልታየው ስህተት ሜዳ ላይ የሚታየው በዚህ ነው።

አሁን ወደ ቦርዱ። በተለመደው ስህተት የኃይል መግቢያው ግራ ጫፍ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ መካከል፣ ሞደሙ ቀኝ ጫፍ ላይ ነው። ግራውንዱ በላይኛው ገጽ በግማሽ ሚሊሜትር መስመር ከሞደሙ ተነስቶ በቺፑ በኩል አልፎ ወደ መግቢያው ይመለሳል። የሴንሰሩ ግራውንድ ደግሞ ለብየዳ ስለሚመች መግቢያው ላይ ታስሯል። ከቺፑ እስከ መግቢያው 50 ሚሊሜትር አለ እንበል። ባለ 35 ማይክሮሜትር መዳብ በአንድ ካሬ 0.5 ሚሊኦም ነው፤ 50 ሚሊሜትር በግማሽ ሚሊሜትር ሲካፈል 100 ካሬ፣ ማለትም 50 ሚሊኦም።

```
2 A × 0.05 Ω = 0.1 V
5 V / 1024   = 4.88 mV
0.1 / 0.00488 ≈ 20
20 / 1024 × 400 cm ≈ 8 cm
```

ሞደሙ በተናገረ ቁጥር የቺፑ ግራውንድ ከሴንሰሩ ግራውንድ በ0.1 ቮልት ከፍ ይላል። ቺፑ ሁሉን የሚለካው ከራሱ ግራውንድ ስለሆነ ሴንሰሩ በ0.1 ቮልት የወረደ ይመስለዋል፤ ያ 20 ደረጃ ነው። 4 ሜትር ጥልቀት ላለው ታንከር 8 ሳንቲሜትር ይሆናል። የሚያሳስተው ደግሞ ሞደሙ የሚናገረው ከጊዜው አንድ ስምንተኛውን ብቻ መሆኑ ነው። ከስምንት ንባብ አንዱ ብቻ ስለሚሳሳት ሰው ሽቦ የላላ ይመስለዋል።

ካፓሲተር በመጨመር ይህ አይድንም። ችግሩ የጋራው 50 ሚሊኦም ነው። ሞደሙን ከነሬጉሌተሩ ወደ ኃይል መግቢያው አምጡት፣ ማይክሮኮንትሮለሩን ከዚያ ጅረት መንገድ ውጭ አድርጉት፣ የሴንሰሩን ግራውንድ በ21ኛው እግር አጠገብ እሰሩት። ታችኛው ገጽ ሙሉ ንጣፍ ከሆነ ቦርዱን አቋርጦ የሚሄደው መንገድ አንድ ካሬ ገደማ ነው። 2 አምፒር በ0.5 ሚሊኦም 1 ሚሊቮልት ይሰጣል። ንጣፉ በቀዳዳዎች ተበሳስቶ ይህ በሦስት ቢባዛ እንኳ ከአንድ ደረጃ አይሞላም።

ሞደሙ አጠገብ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ስንት ይሁን?

1000 ማይክሮፋራድ፣ ዝቅተኛ የውስጥ መቋቋም ያለው፣ አጠገቡም አንድ 100 ናኖ። ይሁን እንጂ ካፓሲተሩ ብቻውን ይሸከመዋል ብላችሁ አትጠብቁ፤ 2 አምፒር ለ0.577 ሚሊሰከንድ ከ1000 ማይክሮፋራድ ላይ 1.15 ቮልት ያወርዳል። ሞደሙ ደግሞ ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ባለው ክልል ብቻ ነው የሚሠራው፤ ከ4.1 ብትነሱ የሚፈቀደው መውረድ 0.7 ቮልት ነው። ቀሪውን ሬጉሌተሩ መስጠት አለበት። ባለ 3 አምፒሩ LM2596 ይበቃል፣ ወደ ሞደሙ የሚሄደው መስመር 2 ሚሊሜትር ከሰፋና ከ3 ሳንቲሜትር ካልበለጠ። ከአሮጌ ፓወር ሰፕላይ የተነቀለ ካፓሲተር ላይ 1000 ተብሎ መጻፉ ዋስትና አይሆንም፤ የደረቀ ካፓሲተር የውስጥ መቋቋሙ ግማሽ ኦም ከሆነ በ2 አምፒር 1 ቮልት እዚያው ይቀራል።

ቦርዱን እቤት በፌሪክ ክሎራይድ ነው የምሠራው። ቪያ የለኝም። እንዴት ላድርግ?

ቪያ አላችሁ፤ በእጅ የሚሠራ ነው። 0.8 ሚሊሜትር ቀዳዳ በስታችሁ ከተቆረጠ የሬዚስተር እግር 0.6 ሚሊሜትር ገደማ ሽቦ አስገቡና በሁለቱም ገጽ ብየዱ። ለዚህ የዙሪያው መዳብ ዲያሜትር ቢያንስ 1.8 ሚሊሜትር ይሁን፤ ያነሰ ከሆነ ሲሞቅ ይነቀላል። ፋብሪካ ላይ 0.3 ሚሊሜትር ቪያ በየእግሩ ይረጫል፤ እናንተ ግን እያንዳንዱን መቁጠር ስላለባችሁ ቦታቸውን ምረጡ።

ቅድሚያው ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ዲካፕሊንግ ካፓሲተር ግራውንድ ጫፍ አንድ፣ ከጫፉ በ2 ሚሊሜትር ውስጥ። ሁለት ካፓሲተሮች አንድ ቪያ አይጋሩ። ከዚያ ለክሪስታሉ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተሮች አንድ የጋራ፣ ለ5ኛው እግር ቅርብ በሆነ ቦታ። ከዚያ ቀጥሎ በቦርዱ አራት ማዕዘኖች።

ቺፑ ሥር ሽቦ ቪያ አይቻልም፣ ብየዳው ቺፑን ያነሳዋል። ይልቁንስ በላይኛው ገጽ ከቺፑ ሆድ ሥር ትንሽ የግራውንድ ንጣፍ ተዉ፤ 3ኛውን፣ 5ኛውንና 21ኛውን እግር ከውስጥ በኩል አያይዙበት፤ በማዕዘኖቹ በኩል አውጥታችሁ እዚያ ሽቦ ቪያ አድርጉ። በዚህ መንገድ የቺፑ ግራውንድ እግሮች ቢያንስ እርስ በርሳቸው በአጭር መንገድ ይገናኛሉ፤ በእጅ ለተሠራ ቦርድ ይህ ከምንም በላይ ዋጋ ያለው ብልሃት ይመስለናል።

የትርሚናልና የሪሌይ እግሮችም በሁለቱም ገጽ መበየድ አለባቸው። ከላይ ብየዳ ብረት የማይደርስበት ክፍል፣ ለምሳሌ የሚነቀል ሶኬት፣ እንደ ቪያ አይቆጠር።

ከአሮጌ ቦርድ የነቀልኳቸውን ካፓሲተሮች ብጠቀምስ?

ጥቃቅኖቹ የሴራሚክ ካፓሲተሮች ላያቸው ላይ ምንም አይጻፍም። መልቲሜትራችሁ ካፓሲተር የማይለካ ከሆነ አንድ ማስቀመጫ ውስጥ አትቀላቅሏቸው። 104 ተብሎ የተጻፈበት ባለ እግር ደግሞ 100 ናኖ ነው፤ እግሩን እስከ አካሉ ቆርጣችሁ ካስጠጋችሁት ለዚህ ቺፕ ይሠራል። ሴንቲሜትር እግር ትታችሁ ከበየዳችሁት ግን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሱ።

ዓይነቱም ልዩነት አለው። X7R የተባለው ከሙቀት ጋር ከ15 በመቶ በላይ አይለወጥም። Y5V ግን እስከ 82 በመቶ ሊያጣ ይችላል። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ ልዩነቱን አታዩትም፤ ቆቦ ሜዳ ላይ ፀሐይ የሚመታው የብረት ሳጥን ውስጥ ግን ያ ካፓሲተር የለም ማለት ይቻላል። ሌላው የተደበቀ ኪሳራ፦ 6.3 ቮልት የተጻፈበት ትንሽ የ10 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ 5 ቮልት ሲጫንበት ከግማሽ በላይ አቅሙን ሊያጣ ይችላል። 16 ወይም 25 ቮልት የሚለውን፣ ቢቻል በአካል ተለቅ ያለውን ውሰዱ።

ኦሲሎስኮፕ የለኝም። በምን ላውቀው?

ቺፑ ራሱ ይለካላችሁ። ሞደሙ እየደወለ ሳለ ይህን አሂዱ፤

```cpp
int lo = 1023, hi = 0;
for (int i = 0; i < 1000; i++) {
  int v = analogRead(A0);
  if (v < lo) lo = v;
  if (v > hi) hi = v;
}
Serial.print(lo); Serial.print(' '); Serial.println(hi);
```

አንድ ዙር 0.11 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅ ከሃያ በላይ የሞደም ፍንዳታ ያቅፋል። ሞደሙ ዝም ባለበት ጊዜ በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት 2 ወይም 3 ሆኖ ሲደውል 20 ከደረሰ፣ ጅረቱ በጋራ ግራውንድ እያለፈ ነው። ሁልጊዜም 5 ወይም 6 ከሆነ AREF ካፓሲተሩን ፈልጉ። በመልቲሜትር በሁለት ግራውንድ ነጥቦች መካከል መለካት ለሪሌይ ዓይነቱ ቋሚ ጅረት ይሠራል፤ ለሞደሙ ግን አማካዩን ስለሚያሳይ 100 ሚሊቮልቱን 12 ብቻ አድርጎ ይነግራችኋል።

ኦሲሎስኮፕ ያላችሁ የፕሮቡን ረጅም የአዞ አፍ ግራውንድ ሽቦ አውልቁና አጭሩን የስፕሪንግ ሽቦ ተጠቀሙ። ለማረጋገጥ የፕሮቡን ጫፍ በራሱ ግራውንድ ላይ አሳርፉት፤ ረብሻው አሁንም ከታየ የምታዩት የፕሮቡን ቀለበት እንጂ ቦርዱን አይደለም።

ሪሌዩ ሲነሳ ወይም ሲወድቅ ቺፑ እንደገና ይነሳል። ካፓሲተር ጨምሬም አልተወም።

ቺፑ ለምን እንደተነሳ መዝግቦታል፤ ጠይቁት። ፕሮግራሙ ሲጀምር `MCUSR` የሚባለውን መዝገብ አንብባችሁ አትሙ፣ ከዚያ ዜሮ አድርጉት። ቡትሎደር ቀድሞ ሊያጠፋው ስለሚችል ለዚህ ምርመራ ፕሮግራሙን በISP በቀጥታ ጫኑ።

`BORF` ከሆነ ቮልቴጁ ወርዷል፤ ችግሩ የኃይል መስመሩ ነው። `EXTRF` ከሆነ ግን ቮልቴጁ ደህና ነው፣ የRESET እግሩ ነው ረብሻ የተቀበለው፤ የፈለገውን ያህል ዲካፕሊንግ ብትደረድሩ አይለወጥም። RESET ላይ 10 ኪሎኦም ወደ 5 ቮልት፣ 100 ናኖፋራድ ወደ ግራውንድ፣ ሁለቱም እግሩ አጠገብ፤ ወደ ፕሮግራም ማስገቢያው ሶኬት የሚሄደው መስመርም ከሪሌዩ ይራቅ። የትኛውም ቢት ካልበራና ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ከጀመረ ደግሞ ቺፑ ሪሴት ሳይሆን ፕሮግራሙ መንገድ ስቷል ማለት ነው፤ የ3–4 እና የ5–6 ካፓሲተሮችን የግራውንድ ቪያ በመልቲሜትር ፈትሹ። በእጅ በተሠራ ቦርድ ላይ አንዱ ገጽ ያልተበየደ ቪያ በብዛት የሚገኘው እዚያ ነው።

መነሻውንም አትርሱ። በሪሌዩ ጥቅል ላይ 1N4007 በተቃራኒ አቅጣጫ ይቀመጥ፣ ሪሌዩ አጠገብ እንጂ ቺፑ አጠገብ አይደለም። ሲወድቅ የሚነሳው ረብሻ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከኮንታክተሩ 220 ቮልት ጥቅል ነው። እሱ ላይ 100 ኦም እና 100 ናኖፋራድ በተከታታይ አድርጉ፤ ካፓሲተሩ X2 እና 275 ቮልት ኤሲ የተጻፈበት መሆን አለበት። ለቺፑ የገዛችሁትን 104 እዚያ ብታስሩት ይፈነዳል።

ቦርዱ ተሠርቶ አልቋል፣ እንደገና ማሠራት አልችልም። ምን ላድን?

100 ናኖውን በቀጥታ በቺፑ 5ኛና 6ኛ እግሮች ጀርባ ላይ ብየዱ፤ 0603 ከሆነ በሁለቱ እግሮች ላይ ተኝቶ ይያዛል። የሞደሙን ግራውንድ መስመር በስለት ቁረጡና ከሞደሙ እስከ ኃይል መግቢያው 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ዘርጉ። ስንጥቅ ካለ ከሥሩ፣ ሲግናሉ በሚያልፍበት ልክ፣ ከአንዱ የንጣፍ ዳር ወደ ሌላው አጭር ሽቦ አሻግሩ። የሴንሰሩን ግራውንድ ሽቦ ከመግቢያው አንስታችሁ ወደ 21ኛው እግር አጠገብ ማዞር ግን ከሞደሙ ሽቦ በኋላ ይሁን፤ ሞደሙ አሁንም በቺፑ በኩል እየተመለሰ ሳለ ሴንሰሩን ብታዞሩት ንባቡ ይስተካከልና ዋናው ጅረት እዚያው ይቀራል።